«ወደ 0 ይሄዳል» ሲሉሽ፣ ማን ነው የሚሄደው?

«ሰላም መምህር። ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ማስተማር የጀመርኩ የሒሳብ ረዳት መምህርት ነኝ። ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ካልኩለስ አስተምራለሁ። ባለፈው ሳምንት ሲሪስ ጀመርን። ትርጉሙን ጻፍኩ፣ ሁለት ምሳሌ ሠራሁ፣ ‹ገባችሁ?› ስል ‹ገብቶናል› አሉ። ከዚያ አጭር ፈተና ሰጠሁ። 1/2 + 1/4 + 1/8 እያለ የሚቀጥለው ሲሪስ ወደ ስንት እንደሚጠጋ ስጠይቅ ብዙዎቹ 0 ብለው መለሱ። አንዱማ ስለ 1/n ‹ተርሞቹ ወደ 0 ስለሚሄዱ ኮንቨርጅ ያደርጋል› ብሎ በልበ ሙሉነት ጽፏል። ርዕሱን የምደግምበት አንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ ነው ያለኝ፣ 50 ደቂቃ። ምኑን አስቀድሜ ምኑን ላስከትል? እባክዎ ይምከሩኝ።»

እህቴ፣ 0 ብለው የመለሱት ልጆች ሒሳቡን አልተሳሳቱም። ያልጠየቅሻቸውን ጥያቄ ነው በትክክል የመለሱት። 1/2፣ 1/4፣ 1/8 እያለ የሚሄደው ዝርዝር በእርግጥም ወደ 0 ይሄዳል። አንቺ የጠየቅሽው ግን ስለ ሌላ ዝርዝር ነበር። ያኛውን ዝርዝር አላዩትም፤ ሰሌዳው ላይ ተጽፎ ስለማያውቅ።

እኔም ማስተማር በጀመርኩ ዓመት ይኸው ነው የደረሰብኝ። መጀመሪያ ያደረግኩት ነገር ሰሌዳው ላይ ትልቅ የ∑ ምልክት መሣል ነበር። ከሥሩ n = 1፣ ከላዩ የኢንፊኒቲ ምልክት፣ ከጎኑ a_n። እኔ በዚያ ምልክት ውስጥ ሁለት ሲኩዌንስ ይታየኛል። ተማሪው የሚያየው a_n ብቻ ነው፤ የተጻፈው እሱ ነዋ! ስለዚህ ስለ ሲሪስ በተጠየቀ ቁጥር ዓይኑ የሚያርፈው a_n ላይ ነው። ምክሬ ከዚህ ይነሳል፤ በመጀመሪያዎቹ 30 ደቂቃዎች ∑ን ሰሌዳ ላይ አታውጪው።

በምትኩ ሰሌዳውን ለሁለት ክፈዪው። ግራውን ዓምድ «የዛሬ»፣ ቀኙን «እስከ ዛሬ» በዪው። የሰፈር ሱቅ የዱቤ ደብተር የማያውቅ ተማሪ ክፍልሽ ውስጥ የለም። ዛሬ የወሰድኩት አንድ ነገር ነው፣ እስከ ዛሬ የተጠራቀመብኝ ዕዳ ሌላ ነገር ነው። ዛሬ ምንም ያልወሰደ ሰው «የዛሬ» ዓምዱ 0 ይላል፤ ባለሱቁ ግን ዕዳህ አልቋል አይለውም። ይህን ቀልድ አድርገሽ ተናገሪው፤ በኋላ ይጠቅምሻል።

የመጀመሪያው ምሳሌ 1/2 + 1/4 + 1/8 ባይሆን ይሻላል። ሁላችንም በእሱ እንጀምራለን፣ ዳቦም እየቆረስን እናስረዳለን፤ ግን ወጥመድ አለው። ግማሹን በላህ፣ ሩቡን በላህ፣ አንድ ስምንተኛውን በላህ እንበል። ዛሬ የተቆረሰው 1/8 ነው። የተረፈውም 1/8 ነው። በዚህ ምሳሌ የመጨረሻው ተርምና ወደ ግቡ የቀረው ርቀት ሁሌም አንድ ቁጥር ናቸው። ተማሪው «ወደ 0 ይሄዳል» ሲል ስለ ቁራሹ ይሁን ስለ ትራፊው እሱም አያውቅም፣ አንቺም አታውቂም። ሁለት ነገር ለመለየት ስትፈልጊ ሁለቱ የሚገጣጠሙበትን ምሳሌ አትምረጪ።

እኔ የምጀምረው በዚህ ነው፦

```
n     a_n (የዛሬ)     S_n (እስከ ዛሬ)
1     0.3           0.3
2     0.03          0.33
3     0.003         0.333
4     0.0003        0.3333
```

ሠንጠረዡን ራስሽ አትሙዪው። ግራውን ጻፊና ቀኙን እነሱ ይንገሩሽ። ከዚያ አንድ በአንድ ጠይቂ። ግራው ወዴት ይሄዳል? ወደ 0። ቀኙስ? እዚህ ላይ ክፍሉ ትንሽ ዝም ይላል፤ ቀጥሎ ከኋላ አንዱ «አንድ ሦስተኛ» ይላል። 0.333… ከ1/3 ጋር እኩል መሆኑን ከልጅነታቸው ያውቁታል። ማለቂያ የሌለው ድምር ቁጥር ሊሆን እንደሚችል ሳያውቁት ተቀብለውት ኖረዋል። አሁን ስሞቹን ስጫቸው። ግራው የተርሞች ሲኩዌንስ፣ ቀኙ የፓርሻል ሰሞች ሲኩዌንስ ነው። ሲሪሱ ኮንቨርጅ ያደርጋል ስንል ስለ ቀኙ ዓምድ ብቻ ነው የምንናገረው። ይህን ዓረፍተ ነገር ከሠንጠረዡ በላይ ጻፊና እስከ መጨረሻው አታጥፊው። እስካሁን 10 ደቂቃ ያህል ሄዷል።

ቀጥሎ ያለው የክፍለ ጊዜው ልብ ስለሆነ ጊዜ አትንፈጊው። አንድ ዝርዝር ብቻ ጻፊ፦

1/2, 2/3, 3/4, 4/5, 5/6, …

«ይህ ኮንቨርጅ ያደርጋል?» ብለሽ ጠይቂ። «አዎ፣ ወደ 1» ይሉሻል። ልክ ናቸው። «ሲሪሱስ?» በዪ። ይሄኔ መጨቃጨቅ ይጀምራሉ። ይጨቃጨቁ፤ ጥያቄው እንዲህ እንዳለ መልስ የለውም። ዝርዝሩ የየትኛው ዓምድ እንደሆነ አልነገርሻቸውማ።

ግራ ዓምድ ላይ አስቀምጪው። የዛሬው 1/2፣ ቀጥሎ 2/3፣ ቀጥሎ 3/4 ከሆነ እስከ ዛሬ ያለው 1/2፣ 7/6፣ 23/12፣ 163/60 ይሆናል። አራተኛው ላይ ብቻ 2.7 አልፏል። እያንዳንዱ ቀን ቢያንስ ግማሽ ይጨምራል፤ ስለዚህ ከ100 ቀን በኋላ ድምሩ ከ50 በላይ ነው፣ ከ1000 ቀን በኋላ ከ500 በላይ። ሲሪሱ ዳይቨርጅ ያደርጋል።

አሁን ያንኑ ዝርዝር ቀኝ ዓምድ ላይ አስቀምጪው። እስከ ዛሬ ያለው 1/2፣ 2/3፣ 3/4፣ 4/5 ከሆነ በየቀኑ የተጨመረው ስንት ነው? እነሱ ይቀንሱ። የመጀመሪያው 1/2 ነው። ከዚያ 2/3 ሲቀነስ 1/2፣ 1/6 ነው። 3/4 ሲቀነስ 2/3፣ 1/12 ነው። ቀጥሎ 1/20። ግራው 1/(n(n+1)) ሆኖ ይወጣል፤ ሲሪሱም ኮንቨርጅ አድርጎ ድምሩ 1 ይሆናል።

እነዚያው ቁጥሮች፣ ያው ቅደም ተከተል፣ ያው ሊሚት። ግራ ሲቀመጡ ሲሪሱ ዳይቨርጅ አደረገ፣ ቀኝ ሲቀመጡ ኮንቨርጅ አደረገ። ይህን በገዛ እጁ የሠራ ተማሪ ልዩነቱን ደግመሽ እንድታስረጂው አይጠብቅም። በቴሌስኮፒንግ ርዕስ ሥር በኋላ የሚመጣ ምሳሌ ነው ብለሽ ታስቢ ይሆናል። ቴሌስኮፒንግ የሚለውን ቃል ግን ዛሬ አያስፈልግሽም፤ መቀነስ ከቻሉ ይበቃል።

በዚህ ሥራ መሀል አንድ ቀመር ሳትጠሪው መጥቷል፦

a_n = S_n − S_(n−1)

የመብራት ቆጣሪ እንዴት እንደሚነበብ ጠይቂያቸው። ቆጣሪው ላይ የሚታየው ከተገጠመበት ቀን ጀምሮ የተጠራቀመው ነው፤ ማለትም S_n። የወሩን ፍጆታ ለማወቅ ከአሁኑ ንባብ ላይ ያለፈው ወር ንባብ ይቀነሳል። ከቀኝ ወደ ግራ መሻገሪያው መቀነስ ነው፣ ከግራ ወደ ቀኝ መሻገሪያው መደመር። ለመጀመሪያው ወር ግን ያለፈ ንባብ የለም። ስለዚህ a_1 = S_1 ነው፣ ለብቻው። ይህችን ትንሽ ነገር አትዝለያት፤ ፈተና ላይ ስንቱን እንደጣለች እኔ አውቃለሁ። S_n = 3 − 1/n ስጫቸውና a_n ፈልጉ በያቸው። ቀንሰው 1/(n(n−1)) ያመጣሉ። ከዚያ n = 1 አስገቡ በያቸው፤ በ0 መካፈል ይመጣል። ትክክለኛው a_1 ግን S_1 ስለሆነ 2 ነው። ቀመሩ የሚሠራው ከ2 ጀምሮ ነው።

አሁን ቲዎረሙ ራሱ ይወጣል። ቀኙ ዓምድ ወደ አንድ ቁጥር S ከተጠጋ፣ S_n ወደ S ይሄዳል፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ያለው S_(n−1)ም ወደ S ይሄዳል። ልዩነታቸው ወደ S − S ይሄዳል፣ እሱም 0 ነው። ልዩነቱ ደግሞ a_n ነው። ስለዚህ ሲሪሱ ኮንቨርጅ ካደረገ ተርሞቹ የግድ ወደ 0 ይሄዳሉ። ማረጋገጫው ሁለት መስመር ነው፤ ሰሌዳው ላይ ከቀኝ ዓምድ ወደ ግራ ዓምድ ቀስት ሳዪበት። ቀስቱ አንድ አቅጣጫ ብቻ እንዳለው ይዩት።

ወደ ሌላው አቅጣጫ የሚሄድ ቀስት የለም ብለሽ መናገር ግን አይበቃም። ያ በልበ ሙሉነት የጻፈው ልጅ በቃልሽ አይመለስም። 1/nን አብረሽው ሥሪ። ክርክሩ እኮ ሞኝነት አይደለም። «የሚጨመረው እያነሰ እያነሰ ከሄደ መጨረሻ ላይ ምንም አይጨመርም፣ ስለዚህ ይቆማል» ነው የሚለው። «በስንተኛው ቀን ነው የሚጨመረው 0 የሚሆነው?» ብለሽ ጠይቂው። የትኛውም ቀን ላይ አይሆንም። ወደ 0 መሄድና 0 መሆን የተለያዩ ናቸው፤ እዚህ ጋ ነው የሚንሸራተተው።

ካልኩሌተር አውጥተው እንዲደምሩ ማድረግ ያጓጓል። ተጠንቀቂ። የመጀመሪያዎቹ 10 ተርሞች ድምር 2.93 ገደማ ነው። የ100ው 5.19፣ የ1000ው 7.49፣ የአንድ ሚሊዮኑ 14.39 ገደማ። 20ን ለማለፍ ከ272 ሚሊዮን በላይ ተርም ያስፈልጋል። እነዚህን ቁጥሮች ብቻ ያየ ተማሪ «ይኸው፣ እየቆመ ነው!» ይልሻል፣ አይፈረድበትም። ሠንጠረዥ ልዩነቱን ለማሳየት ጥሩ ነው፣ ዳይቨርጅ ማድረጉን ለማረጋገጥ ግን አይሆንም። ለዚያ በ14ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊው ኒኮል ኦሬም የተጠቀመበት ዘዴ አለልሽ፦

1 + 1/2 + (1/3 + 1/4) + (1/5 + 1/6 + 1/7 + 1/8) + …

መጀመሪያው ቅንፍ ውስጥ ሁለት ቁጥር አለ፣ ትንሹ 1/4 ነው፤ ስለዚህ ቅንፉ ከ1/2 ይበልጣል። ሁለተኛው ውስጥ አራት ቁጥር አለ፣ ትንሹ 1/8 ነው፤ እሱም ከ1/2 ይበልጣል። ቀጣዩ ቅንፍ ስምንት ቁጥር ይዞ እስከ 1/16 ይሄዳል፣ አሁንም ከ1/2 ይበልጣል። ግማሽ ብር ለመጨመር በየጊዜው እጥፍ ቀን መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ግን ሁሌም ሌላ ግማሽ ብር ይመጣል። የሱቁ ዕዳ የፈለግሽውን ያህል ትልቅ ቁጥር አንድ ቀን ያልፋል። ዘገምተኛ ነው እንጂ አይቆምም። ልጁ ይህን ካየ በኋላ የድሮ ዓረፍተ ነገሩን ራሱ ያርመው፤ አንቺ አታርሚለት።

እዚህ ስትደርሺ 35 ደቂቃ ገደማ ሆኗል። አሁን ∑ን አምጪው። ሁለት ጥንቃቄ ይዘሽ ግን። አንደኛ፣ S_nን ስትጽፊ ውስጥ የሚሮጠውን ፊደል k አድርጊው፤ S_n ማለት a_k ከ k = 1 እስከ k = n ሲደመር ነው። ውስጥም n ላይም n ካደረግሽ የሚቆመውና የሚሮጠው ይደባለቁባቸዋል። ሁለተኛ፣ ላይኛው ጫፍ ኢንፊኒቲ ሲሆን ምልክቱ ሁለት ሥራ እንደሚሠራ በግልጽ ንገሪያቸው። አንዳንዴ ቀኙን ዓምድ በሙሉ ያመለክታል፤ «∑ a_n ዳይቨርጅ ያደርጋል» ስንል እንደዚያ ነው። አንዳንዴ ደግሞ የቀኙን ዓምድ ሊሚት፣ አንድ ቁጥርን ያመለክታል፤ «∑ a_n = 1» ስንል እንደዚያ ነው። መጻሕፍት ይህን ሳይናገሩ ያልፉታል። ለለመደ ሰው ችግር የለውም፣ ለአዲስ ተማሪ ግን ግራ የሚያጋባ ነው።

እግረ መንገዴን፣ ቋንቋችንም ያሳስተናል። በአማርኛ «ወደ 0 ይሄዳል» ስንል ባለቤቱ ግሱ ውስጥ ተደብቋል። ማን እንደሚሄድ ሳንናገር ዓረፍተ ነገሩ ይሞላልናል። የክፍል ውስጥ ማብራሪያችን ደግሞ ግማሹ አማርኛ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ «ኮንቨርጅ ያደርጋል»፣ «ይጠጋል»፣ «ወደ 1 ይሄዳል» እንላለን፣ ባለቤት የለም። እኔ ክፍሌ ውስጥ ሕግ አውጥቻለሁ። ባለቤት የሌለው ኮንቨርጅ ዜሮ ማርክ ነው። «a_n ወደ 0 ይሄዳል» ወይም «S_n ወደ 1 ይሄዳል» ማለት ግዴታ ነው። መጀመሪያ ይስቃሉ። ለእኔም ሠርቷል፤ አፌ ሲያመልጠኝ እነሱ «ማን?» ብለው ይጮኹብኛል።

የመጨረሻዎቹን ደቂቃዎች በቁራጭ ወረቀት ለሚመለስ ጥያቄ ያዣቸው። ሦስት ይበቃል። አንደኛ፣ a_n = n/(2n+1) ከሆነ a_n ወዴት ይሄዳል፣ ሲሪሱስ? ሁለተኛ፣ S_n = n/(2n+1) ከሆነ ሲሪሱ ምን ይሆናል፣ a_nስ ወዴት ይሄዳል? ሦስተኛ፣ a_n ወደ 0 እንደሚሄድ ብቻ ብነግራችሁ ስለ ሲሪሱ ምን ትላላችሁ? የመጀመሪያው መልስ a_n ወደ 1/2፣ ሲሪሱ ዳይቨርጅ። የሁለተኛው ሲሪሱ ድምሩ 1/2፣ a_n ወደ 0። የሦስተኛው «ምንም ማለት አይቻልም»።

ወረቀቶቹን ስታነቢ ለማርክ አትቸኩዪ። ለአንደኛውና ለሁለተኛው አንድ ዓይነት መልስ የጻፈ ልጅ ዓምዶቹን ገና አልለየም፤ እሱን ጠርተሽ የ1/2, 2/3, 3/4ን ሥራ እንደገና በእጁ አሠሪው። ሁለቱን በትክክል መልሶ ሦስተኛው ላይ «ኮንቨርጅ ያደርጋል» ያለው ደግሞ ዓምዶቹን ለይቷል፣ ቀስቱን ግን በሁለቱም አቅጣጫ እየነዳው ነው። እሱ የሚያስፈልገው የኦሬም ቅንፎች ናቸው።

ሬሾ ቴስትን ዛሬ አትንኪው። በሚቀጥለው ሳምንት ስትደርሺበት ግን ሦስተኛ ቁጥር ይዞ እንደሚመጣ አስቀድመሽ እወቂ። n/2^n ውሰጂ። ተርሞቹ 1/2፣ 1/2፣ 3/8፣ 1/4 እያሉ ወደ 0 ይሄዳሉ። የ a_(n+1)/a_n ሊሚት 1/2 ነው። ድምሩ ደግሞ 2 ነው፤ S_n = 2 − (n+2)/2^n ስለሆነ እያስገቡ ማየት ይችላሉ። ቴስቱን በትክክል ሠርቶ «ሲሪሱ ወደ 1/2 ኮንቨርጅ ያደርጋል» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ ይገጥምሻል። ያን ዕለት ሰሌዳውን ለሦስት ክፈዪው፣ ሬሾውን መሀል አስገቢው፣ 0፣ 1/2 እና 2ን በየዓምዳቸው ሥር ጻፊ።